ገንዘብና መደርደሪያ የሚገባው የትኛው ዕቃ ነው? የክምችትን ትርፍ እንዴት እንደምናሰላ

ባሕር ዳር ውስጥ መካከለኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ የትኛው ዕቃ እንደሚያዋጣው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ከአንድ ዕቃ ላይ የሚያገኘውን ትርፍ ነው። ፔርሙዝ 450 ብር ያተርፋል፣ ባለ 5 ሊትር ዘይት ግን 70 ብር ብቻ፤ ስለዚህ ፔርሙዝ ይሻላል ይላል። ይህ አባባል ለዕቃው የወጣው ገንዘብ መደርደሪያ ላይ ምን ያህል ጊዜ ታስሮ እንደሚቆይ አያሳይም። ይህን የሚያሳየው ያልተጣራ ትርፍን በአማካይ ክምችት ዋጋ የማካፈል ስሌት ሲሆን፣ በክምችት ላይ የዋለ አንድ ብር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ብር እንዳስገኘ ይነግረናል።

በመጀመሪያ የሦስት ወር ያልተጣራ ትርፍ ይሰላል። የመግዣ ዋጋ ሲባል ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብቻ ሳይሆን ከአዲስ አበባ የመጣበት የጭነት ኪራይና የጫኝና አውራጅ ሒሳብም የተጨመረበት ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሱቅ 15 በመቶውን ከመግዣውም ከመሸጫውም ቀንሶ ያሰላል። ለምሳሌ ያህል ዘይቱ 1,150 ብር ገብቶ በ1,220 ብር ቢሸጥና በሦስት ወር 120 ጀሪካን ቢወጣ ትርፉ 8,400 ብር ይሆናል። ፔርሙዙ 900 ብር ገብቶ በ1,350 ብር ቢሸጥና 16 ቢወጣ ደግሞ 7,200 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው እርምጃ አማካይ ክምችትን ማግኘት ነው፤ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ፔርሙዝ አያስቸግርም። መስከረም 1 ቀን 48፣ ጥቅምት 1 ቀን 43፣ ኅዳር 1 ቀን 37፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 32 ከተቆጠረ፣ አራቱ ተደምረው ለአራት ሲካፈሉ 40 ይሆናል፤ በመግዣ ዋጋ 36,000 ብር ማለት ነው። ዘይት ግን በየሁለት ሳምንቱ 20 ጀሪካን እየገባ ከ22 እስከ 2 ይወርዳል። ባለሱቁ ቆጠራውን ሁልጊዜ አዲስ ጭነት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው የሚያደርግ ከሆነ 2 ጀሪካን ብቻ ያገኛል፤ ሲያካፍልም አንድ ብር 3.65 ብር እንዳስገኘ የሚያስመስል ውጤት ይወጣለታል። ትክክለኛው አማካይ 12 ጀሪካን፣ ማለትም 13,800 ብር ነው። የበዓል ሰሞንም እንዲሁ ያሳስታል፤ ከገና ወይም ከጥምቀት ማግስት የተቆጠረ ሱቅ ባዶ ስለሚሆን ዕቃው ሁሉ አዋጭ ይመስላል። ቶሎ ቶሎ የሚወጣ ዕቃ በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ቢቆጠር፣ ያም ቀን አንዳንዴ ከጭነት በፊት አንዳንዴ በኋላ ላይ ቢውል ጥሩ ነው። ለዚህ ከውድ የሽያጭ ሶፍትዌር ይልቅ በሥርዓት የተያዘ ደብተር ይሻላል እላለሁ፤ ሶፍትዌሩ የተሰበረውንና የጠፋውን ዕቃ በራሱ አያውቅምና።

ከዚያ በኋላ ማካፈል ነው። ዘይት 8,400 ለ13,800 ሲካፈል 0.61፣ ፔርሙዝ 7,200 ለ36,000 ሲካፈል 0.20 ይሆናል። በሦስት ወር ውስጥ ዘይት ላይ የዋለ አንድ ብር 61 ሳንቲም፣ ፔርሙዝ ላይ የዋለው ደግሞ 20 ሳንቲም አስገኝቷል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ስለ ገንዘብ እንጂ ስለ ቦታ አይናገርም። ሶፍት በሦስት ወር 6,000 ብር አትርፎ አማካይ ክምችቱ 7,500 ብር ቢሆን ውጤቱ 0.80 ነው፤ ከሁለቱም ይበልጣል። ነገር ግን ሦስት ሜትር መደርደሪያ የሚይዝ ከሆነ ከአንድ ሜትር የሚገኘው 2,000 ብር ብቻ ነው፤ ሁለት ሜትር የያዘው ፔርሙዝ ግን በሜትር 3,600 ብር ያስገኛል። ስለዚህ የጎደለው ገንዘብ ከሆነ በመጀመሪያው ቁጥር፣ የጠበበው ሱቁ ከሆነ በሁለተኛው መወሰን ይገባል። ለሶፍት የሚበጀው ጥቂቱን ደርድሮ ቀሪውን ጓዳ ማስቀመጥ ነው።

ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቀድሞ በገባበት ዋጋ ሲሰላ ትርፉ ከእውነተኛው በላይ ይታይ ነበር። 900 ብር የገባው ፔርሙዝ ዛሬ ለመተካት 1,100 ብር የሚጠይቅ ከሆነ በ1,350 ብር ሲሸጥ እውነተኛው ትርፍ 250 ብር ነው፤ ትርፉም ክምችቱም መሰላት ያለባቸው በመተኪያ ዋጋ ነው።

የፔርሙዝ ውጤት ዝቅ ማለቱ ግን ዕቃው ከሱቅ ይውጣ ማለት አይደለም። በወር አምስት ያህል ብቻ ለሚሸጥ ዕቃ 40 ማስቀመጥ ብዙ ነው። በትንሽ በትንሹ በማዘዝ አማካዩ ወደ 12 ቢወርድና የጭነቱ ወጪ በአንዱ ላይ 40 ብር ቢጨምር፣ ትርፉ 6,560 ብር፣ ክምችቱ 11,280 ብር፣ ውጤቱም 0.58 ይሆናል፤ ከዘይቱ ጋር ተቀራረበ ማለት ነው። ከ24,000 ብር በላይም ለሌላ ዕቃ ይለቀቃል።