ድረ ገጹ ሳይሠራ በፊት ወረቀት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ የቤት ዕቃ ጥገና ባለሙያ ድረ ገጽ እንድሠራላቸው መጡ። ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽንና ምድጃ ይጠግናሉ። ሜኑውን በእጃቸው ጽፈው ይዘውልኝ መጥተዋል።

መነሻ፣ ስለ እኛ፣ ራእይና ተልእኮ፣ አገልግሎቶቻችን፣ መፍትሔዎች፣ ቡድናችን፣ ጋለሪ፣ ዜና፣ የደንበኞች አስተያየት፣ ጥያቄና መልስ፣ አግኙን።

«ዝርዝሩ ይኸው። አንተ አሳምረው ብቻ» አሉኝ።

ቆጠርኩት፣ 11 ነው። ይኼን ዝርዝር ስንቴ እንዳየሁት! አናጢውም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ የሒሳብ ባለሙያውም ይዘውት የሚመጡት እሱኑ ነው። ከሌላ ሰው ድረ ገጽ ተገልብጦ፣ ያም ከሌላ ገልብጦ፣ እንዲሁ ሲዞር ይኖራል። ከ11ዱ ውስጥ ግን «ፍሪጅ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። እናም ኮምፒውተር ሳንከፍት ለተወሰኑ ቀናት በወረቀት ብቻ ሠራን። ያረምናቸውን ስህተቶች በየተራ ልንገራችሁ።

ስህተት 1፦ ከሜኑ መጀመር

ሜኑ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሥራ ነው። መጀመሪያ ደንበኛው ምን እንደሚጠይቅ ይታወቃል። ቀጥሎ ለጥያቄው መልስ የሚሰጡት ገጾች ይለያሉ። የገጾቹ ስምና ቦታ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ከሜኑ ከጀመራችሁ በየስሙ ሥር የሚሞላ ወሬ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። «ዜና» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ዜና ግን የላችሁም። ገጹ «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ዓመት ይሞላዋል። የሚያየው ሰው ደግሞ ሱቁ የተዘጋ ይመስለዋል።

ለጋሼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ለአንድ ሳምንት ስልክ በተደወለ ቁጥር ደዋዩ የጠየቀውን ደብተር ላይ መጻፍ። ወደ ሙያ ቋንቋ ሳይተረጉሙት፣ ልክ እንደተባለው። ደብተሩ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነገር ነበረበት፦

«ፍሪጄ መብራቱ ይበራል፣ ግን አይቀዘቅዝም። ትሠራላችሁ?»
«ቤት ትመጣላችሁ ወይስ ማሽኑን ላምጣው?»
«መጥታችሁ ለማየት ብቻ ታስከፍላላችሁ?»
«ዛሬ ትደርሳላችሁ?»
«ያን ሰሞን የሠራችሁልኝ ማሽን እንደገና ውሃ ያፈሳል። ደግሜ ልከፍል ነው?»

ቃላቱ ይለያያሉ እንጂ የሚመላለሱት እነዚሁ ናቸው። ራእይና ተልእኮ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ከዚያ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርን። አንደኛው ጥያቄው፣ ሁለተኛው መልሱ የሚገኝበት ገጽ፣ ሦስተኛው ሰውዬው መልሱን ካገኘ በኋላ ምን እንዲያደርግ እንደምንፈልግ። ሦስተኛውን ዓምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያለ እሱ ግን ገጹ የሚያልቀው መውጫ በሌለው መንገድ ላይ ነው። ሰው ያነባል፣ ቀጥሎ የሚነካው ነገር ያጣል፣ ይወጣል።

ስህተት 2፦ ምን ራሱን የቻለ ገጽ እንደሚሆን በግምት መወሰን

ብዙ ጊዜ የምንወዛገበው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ሁሉንም ጥገና «አገልግሎቶቻችን» በሚል አንድ ገጽ ላይ ሊከምሩት ነበር። ይኼ የተለመደ ነው። ችግሩ ፍሪጁ የተበላሸበት ሰው ስለ ምድጃ ማንበብ አይፈልግም። በጉግል የሚፈልግም ሰው «ፍሪጅ አይቀዘቅዝም» ብሎ ነው የሚጽፈው። ስለ ሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያወራ ገጽ ለዚያ ጥያቄ ጥሩ መልስ ሆኖ አይቀርብም።

እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሰው ይኼን ነገር ለብቻው ፈልጎ ይመጣል ወይ? በሌላ ገጽ ላይ የሌለ የምለው ነገር አለኝ ወይ? ሁለቱም አዎ ከሆኑ ገጽ ይሁን። አንዱ ካልተሟላ በሌላ ገጽ ውስጥ ንዑስ ርእስ ሆኖ ይግባ።

ፍሪጅን እንየው። ለብቻው ይፈለጋል። የሚባልም ነገር አለው፤ ከመደወላችሁ በፊት የበሩ ጎማ በደንብ መግጠሙን እዩ፣ ከኋላ ወይም ከሥር ያለው የሙቀት ማስወጫ አቧራ እንዳልሞላው እዩ፣ ባለሙያው ሲመጣ ፍሪጁን ማንቀሳቀስ እንዲችል ዙሪያውን ክፍት አድርጉ። አንድ ገጽ ሞላ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የበር ጎማ መቀየርስ? እሱም ይጠየቃል፣ ግን የሚባለው ሁለት መስመር ነው። ስለዚህ የማጠቢያ ማሽን ገጽ ውስጥ ገባ።

«የደንበኞች አስተያየት» ደግሞ ፈተናውን ወደቀ። አስተያየት ለማንበብ ብቻ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ፍሪጁ የተሠራለት ሰው የጻፈው ቃል ጠቃሚ የሚሆነው ሌላው ፍሪጁን ለማሠራት ሲያመነታ ነው። ስለዚህ አስተያየቱ ወደ ፍሪጅ ገጽ ሄደ። «ጥያቄና መልስ»ም «ጋለሪ»ም በዚሁ መንገድ ተበትነው በየቦታቸው ገቡ። ጥያቄና መልስ የሚባለው ገጽ፣ በእኔ እይታ፣ ቦታ ያጣ ነገር ሁሉ የሚጣልበት መሳቢያ ነው።

ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄዱም አሉ። አንዱን የፍሪጅ ገጽ 20 ጊዜ ገልብጠው የሰፈሩን ስም ብቻ ይቀይራሉ፤ በየሰፈሩ የሚፈልግ ሰው እንዲያገኛቸው። ለፍለጋ ብቻ ተብለው የሚደረደሩ እንዲህ ያሉ ተመሳሳይ ገጾችን ጉግል በደንቡ አይፈለጌ ብሎ ነው የሚቆጥራቸው። የምትደርሱባቸውን ሰፈሮች አንድ ገጽ ላይ ዘርዝሩ፣ ይበቃል።

ስህተት 3፦ ለራሳችሁ ብቻ የሚገባ ስም

«ጋሼ፣ አገልግሎቶቻችን እና መፍትሔዎች ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«መፍትሔዎች ለሆቴልና ለምግብ ቤት የምንሠራው ነዋ!» አሉ፣ እንዴት እንዳልገባኝ እየገረማቸው።

ይኸው ነው ችግሩ። እሳቸው ቢሮ ውስጥ ቃሉ ትርጉም አለው። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ግን መፍትሔ ማለት ምንም ሊሆን ይችላል። ስሙ «ለሆቴልና ምግብ ቤት» ሆነ። የሜኑ ስም ጥሩ መሆኑን የምታውቁት ቃሉን ብቻ የሰማ ሰው ገጹ ውስጥ ያለውን መገመት ሲችል ነው። «አግኙን»ም «ቴክኒሽያን ጥሩ» ሆነ፤ ሰዎቹ የሚደውሉት ለዚያ ነውና።

ስህተት 4፦ ሁሉን ነገር በተቆልቋይ ሜኑ መደበቅ

ጋሼ ያዩት አንድ ድረ ገጽ ላይ ማውዙ ስሙን ሲነካው ዝርዝር ወደ ታች ይዘረገፋል። ወደዱት። ስልክ ላይ ግን ማውዝ የለም። ጣት ስሙን ሲነካ ዝርዝሩ ይከፈታል፣ የስሙ የራሱ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይቀራል። ስለዚህ እሱ ገጽ ላይ ብቻ ያስቀመጣችሁት ነገር ካለ ስልክ የያዘ ሰው አያየውም። ሦስት አገልግሎት ብቻ ካላችሁ ምኑን ትደብቁታላችሁ? በስማቸው ሜኑው ላይ አውጧቸው።

የእኛ ሜኑ 7 ላይ ቆመ፦ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ምድጃ፣ ለሆቴልና ምግብ ቤት፣ ዋጋና ዋስትና፣ ስለ እኛ፣ ቴክኒሽያን ጥሩ። መነሻ ገጽ ዓርማውን በመንካት ይከፈታል። «ሜኑ ከ7 አይበልጥም» የሚል ሕግ ሰምታችሁ ይሆናል። መነሻው ጆርጅ ሚለር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ ነው። እሱ የጻፈው ግን ሰው በአንዴ ስንት ነገር በአእምሮው መያዝ እንደሚችል ነው። ሜኑ ደግሞ ፊታችሁ ተጽፎ ያለ ነገር ነው፣ ማንም አይሸመድደውም። የእኛ 7 የሆነው እንዲሁ ተገጣጥሞ ነው።

ስህተት 5፦ የገጾቹን አድራሻ ለኋላ መተው

ገጾቹ ሲለዩ አድራሻቸውም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። የእኛ ይኼን ይመስላል፦

```
/
/fridge-repair
/washing-machine-repair
/stove-repair
/hotels-restaurants
/price-warranty
/about
/booking
```

በአማርኛ ቢሆንስ? ይቻላል፣ ብራውዘሩም አሳምሮ ያሳያል። ችግሩ ሰው አድራሻውን ገልብጦ ለጓደኛው ሲልክ ነው። «ጥገና» የሚለው ብቻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦

```
%E1%8C%A5%E1%8C%88%E1%8A%93
```

አንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆነች። ይኼ የደረሰው ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ገጹ በአማርኛ ይሁን፣ አድራሻውን በላቲን አጭር አድርጉት።

አድራሻ አንዴ ከወጣ በኋላ ከተቀየረ አሮጌው ሊንክ ይሞታል፣ ወደ አዲሱ የሚያሻግር 301 የሚባል ትእዛዝ ካልገባለት በቀር። ወረቀት ላይ ግን ላጲስ ይበቃል።

ስህተት 6፦ ሜኑውን ለውጭ ሰው ሳያሳዩ ማጽደቅ

እኔና ጋሼ ሜኑውን ወደድነው። የእኛ መውደድ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ምን የት እንዳለ አስቀድመን እናውቃለንና። ሰባቱን ስሞች በሰባት ካርድ ላይ ጻፍንና ሥራውን ለማያውቁ አምስት ሰዎች በየተራ ዘረጋንላቸው።

አጠያየቁ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የዋስትና ገጽ የት ነው?» ካላችሁ መልሱን ሰጣችኋቸው፤ ቃሉን ከካርዱ ጋር ያዛምዱታል። እኛ ያልነው «ከሁለት ሳምንት በፊት ያሠራችሁት ማጠቢያ ማሽን እንደገና ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። የቱን ትነካላችሁ?» ነው። ከዚያ ዝም ብሎ ማየት። ጋሼ ዝም ማለት ከበዳቸው። ሰው በተሳሳተ ቁጥር ጣታቸው ወደ ካርዱ ይሄዳል።

«ዋጋና ዋስትና»ን የነካው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሦስቱ ወደ «ቴክኒሽያን ጥሩ» ሄዱ፣ አንዱ ወደ «ልብስ ማጠቢያ»። መጀመሪያ ስሙን ልንቀይር አሰብን። ቆይተን ስናየው ግን ሰዎቹ አልተሳሳቱም። ማሽኑ እያፈሰሰ ያለ ሰው የሚፈልገው ባለሙያ እንጂ የዋስትና ደንብ አይደለም። ስለዚህ ስሙን ትተን መልሱን እነሱ የሄዱበት ቦታ አደረስነው። «ቴክኒሽያን ጥሩ» ገጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «አዲስ ብልሽት ነው ወይስ እኛ የጠገንነው?» ሆነ። ማጠቢያ ማሽን ገጽ ላይም ወደ ዋስትናው የሚወስድ አንድ መስመር ገባ።

ካርዱ የሚነግራችሁ ስሙና ቦታው መግጠሙን ብቻ ነው። ጽሑፉ ይገባ አይገባ፣ ቁልፉ ስልክ ላይ ይታይ አይታይ አይነግራችሁም። እሱ ገጹ ሲሠራ የሚታይ ነው።

ካርዶቹን ስሰበስብ ጋሼ ወረቀቱን አገላበጡ።

«ራእይና ተልእኮው ግን የት ገባ?»

«ስለ እኛ ውስጥ ነው ጋሼ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር።»

«ሦስት አድርገው» አሉ። አደረግኩት።