«ሊያልቅ ነው» ሲባል የከረመው ካርድ

በቡድናችን የሥራ ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱ ሥራ በካርድ ይጻፋል፤ የሽያጭ ሪፖርትን በኤክሴል ማውረጃ የሚለው ካርድ «በሂደት ላይ» ከሚለው አምድ አልነቃነቅ ብሎ ነበር። በየጠዋቱ መልሱ «ሊያልቅ ነው» ነው። ያለቁ ካርዶቻችንን ሳይ አብዛኞቹ ከአምስት ቀን አያልፉም። ይሄኛው ግን ያንን ካለፈ ቆይቷል።

«መቼ ያልቃል?» ማለቱን ትቼ «ከትናንት ወዲያ ወዲህ ምን ተቀየረ?» ብዬ ጠየቅኩ። የሚሠራው ልጅ ኮዱን ከፍቶ አሳየኝ። ለካ አንድ ካርድ ውስጥ ሦስት ሥራ ታጭቋል።

ፋይሉን ማውረዱ ይሠራል። ለብቻው ካርድ ሰጥተነው በማግስቱ ለተጠቃሚ ወጣ። መከፋፈል ያለበት ካርድ እንዲህ ያለው ነው፤ ተቆርጦ ብቻውን የሚጠቅም ቁራጭ ካለው።

የቅርንጫፎችን መረጃ መጨመሩ የሌላ ቡድን ፈቃድ ይጠብቃል። ልጁ ደጋግሞ ጽፎላቸዋል፣ መልስ የለም። ይህን መከፋፈል ምንም አይፈይድም፣ ቁልፉ እኛ ጋ አይደለምና። ለሁለቱ ቡድኖች ኃላፊ የምንፈልገውን ፈቃድ፣ እስከ መቼ እንደሆነና ካልመጣ ሪፖርቱ ያለ ቅርንጫፍ መረጃ እንደሚቀጥል ጻፍኩ። «እርዱን» ብቻ ቢባል ማንም አይነቃነቅም።

ሦስተኛው በየሳምንቱ በኢሜይል መላክ ነበር። ይህን ለጠየቀችው ባልደረባ ደወልኩላት። «ኧረ እሱን ትተነዋል» አለች። ምክንያቱን ጽፌ ዘጋሁት።