ሌሊት ቆሜ የሚያንቀጠቅጠኝ ብርድ እንዴት እንደቀረልኝ

አዳማ ቀን ትሞቃለች፤ የታኅሣሥ ሌሊት ንፋሷ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። የጥበቃ ሥራዬ በር ላይ መቆም ነው። ወፍራም የጥጥ የውስጥ ልብስ ለብሼም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ምሽት ጀርባዬን ስዳስስ ረጥቧል። 40 ደቂቃ በእግር ስመጣ ያልበኛል፣ ጥጡ ላቡን ይዞ ይቀራል። ቆሜ ሳድር ሰውነቴ ብዙ ሙቀት ስለማያወጣ ያ እርጥበት ያበርደኛል።

ከቦንዳ ስስ የበግ ሱፍ የውስጥ ልብስ ገዛሁ። ሱፍ ትንሽ ቢረጥብም ይሞቃል። የመጀመሪያው ግን ጠበበኝ፤ ጉልበቴ ላይ ተወጥሮ ሳሳ፣ እዚያው ብርዱ ገባ። ሁለተኛውን ቆዳዬን የሚነካ ግን የማይጨብጥ መረጥኩ፤ ጎንበስ ስል ወገቤ አይጋለጥም። አሁን መንገድ ላይ ጃኬቴን ከፍቼ እሄዳለሁ፣ በሩ ጋ ስደርስ እዘጋዋለሁ። እስኪነጋ ደረቅ ነኝ።