ኮኤፊሸንቱ ውስጥ m ሲኖር የኢንኢኳሊቲው መልስ ለምን ይገለበጥብናል?

ጥያቄው ይሄ ነው እንበል፣ x ን ፈልጉ፦

```
mx + 4 > 2x + m²
```

x ያለባቸውን ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ ስናደርግ (m − 2)x > (m − 2)(m + 2) ይመጣል፣ እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው m − 2 ን ከሁለቱም በኩል ያጠፋና x > m + 2 ብሎ ይጨርሳል።

ችግሩ እንዴት ይታወቃል? ቁጥር አስገብታችሁ ሞክሩት። m = 5 ስትሉ 5x + 4 > 2x + 25 ይሆናል፣ x > 7 ይወጣል፣ ከመልሳችሁ ጋር ልክ ይገጥማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ስህተቱም ተደብቆ የሚቀረው ለዚህ ነው። አሁን m = 1 አድርጉት፣ x + 4 > 2x + 1 ማለት x < 3 ነው፣ የእናንተ መልስ ግን x > 3 ይላል።

ምክንያቱ፦ "አጠፋሁት" ያላችሁት በ m − 2 ማካፈል እኮ ነው። በኔጌቲቭ ስናካፍል ምልክቱ ይዞራል፣ በዜሮ ደግሞ ጭራሽ አይካፈልም፣ m − 2 ደግሞ የትኛው እንደሆነ ገና አናውቅም።

መፍትሄው በ m − 2 ምልክት ኬዝ መክፈል ነው።

m > 2 ከሆነ የምናካፍለው በፖዘቲቭ ስለሆነ x > m + 2።

m < 2 ከሆነ ምልክቱ ይዞርና x < m + 2።

m = 2 ከሆነ አታካፍሉ፣ ዋናው ጥያቄ ላይ መልሳችሁ አስገቡት፣ 2x + 4 > 2x + 4 ይሆናል፣ x ምንም ቢሆን አንድ ቁጥር ከራሱ አይበልጥም ስለዚህ መልስ የለውም። ምልክቱ ≥ ቢሆን ኖሮ ግን ሁሉም ቁጥር መልስ ይሆን ነበር፣ ይሄን ኬዝ በግምት አትሙሉት የምለው ለዚህ ነው።

ኬዝ ከፍዬም አልመጣልኝም ካላችሁ መጀመሪያ የከፈላችሁበትን ቦታ እዩ። m > 0፣ m = 0፣ m < 0 ብሎ የሚጀምር ብዙ ነው፣ ግን ምልክቱን የሚወስነው m ብቻውን ሳይሆን x ላይ የተባዛው ሙሉው ነገር ነው። m = 1 ራሱ ፖዘቲቭ ነው፣ m − 2 ግን −1 ነው።

ሌላው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፣ ሶስቱን ኬዝ በትክክል ሰርተው "x > m + 2 ወይም x < m + 2" ብለው አንድ ላይ ይቀላቅሉታል። እንደዛ ከተጻፈ ከ m + 2 በቀር ሁሉም ቁጥር መልስ ነው ማለት ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ለየትኛውም m ትክክል አይደለም። m አንዴ ከተሰጠ የሚሰራው አንዱ ኬዝ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ መልስ "m > 2 ሲሆን" የሚለውን አይነት ቅድመ ሁኔታውን ይዞ ለየብቻው ይጻፍ።