የሚከራይ አፓርታማ ኢንሹራንስ፦ አከራዮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሜሪላንድ፣ በተለይ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ብዙ ወገኖቻችን ቤት የሚይዙበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ይገዛሉ። ልጆች ሲወለዱ ሰፋ ወዳለ ቤት ይገባሉ፤ የመጀመሪያዋን አፓርታማ ግን ከመሸጥ ይልቅ ያከራዩዋታል። የኢንሹራንስ ውሎችን እያነበብኩ ለባለቤቶች ማስረዳት የዕለት ሥራዬ ነው። ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጠው የሚያዝኑት አከራዮች አብዛኞቹ ኢንሹራንስ አላቸው፤ ዓረቦኑንም በየወሩ ሳያዛንፉ ይከፍላሉ። የጎዳቸው ውሉ የማይከፍለውን ነገር ይከፍላል ብለው ማመናቸው ነው።

የነዋሪነት ውልን ይዞ ማከራየት

አፓርታማውን ሲገዙ የገቡት ውል አብዛኛውን ጊዜ በኢንሹራንስ ሰዎች ዘንድ ኤችኦ 6 የሚባለው ነው። ይህ ውል የተጻፈው ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ነው። እርስዎ ለቀው ተከራይ ሲገባ ኩባንያው ዓረቦኑን ያሰላበት ሁኔታ ይቀየራል። ሳይነግሩት ከቆዩ አደጋ በደረሰ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚህ ቤት ማን ነበር የሚኖረው?» የሚል ይሆናል፤ ከመልስዎ ተነስቶም ካሳውን ሊከለክል ይችላል።

ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በዚያው ውል ላይ «ለሌሎች ማከራየት» የሚለውን አባሪ ማስጨመር ነው። ሁለተኛው ዲፒ 3 ወደሚባለው የአከራይ ውል መዛወር ነው። የትኛው እንደሚሻል ከቤቱ ሁኔታ ጋር ይለያያል፤ ንግግሩ ግን ተከራዩ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ማለቅ አለበት።

«ማኅበሩ ኢንሹራንስ አለው» ብሎ መተው

የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ሕንፃውን መድን ያስገባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ውል የእርስዎን ኪራይም ሆነ ያስገቧቸውን ዕቃዎች አያውቅም። በውስጡም ካሳ ከመከፈሉ በፊት የሚቀነስ ትልቅ ተቀናሽ አለ። በሜሪላንድ ሕግ ጉዳቱ ከእርስዎ አፓርታማ ከተነሳ ማኅበሩ ያንን ተቀናሽ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ጣሪያው በፈረንጆች 2020 ከ5,000 ወደ 10,000 ዶላር ከፍ ተደርጓል። የተከራይዎ ልብስ ማጠቢያ ፈስሶ ታች ያለውን ጎረቤት ካረጠበ ደብዳቤው የሚደርሰው ለእርስዎ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራበትን ጣሪያ ከማኅበሩ ይጠይቁና የራስዎ ውል ይህን ዕዳ እስከዚያ መጠን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

የኪራይ ገቢ ሽፋንን እንደ ኪራይ ዋስትና መቁጠር

ከሁሉ የሚበዛው ይህ ስህተት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት። አንዲት እናት ተከራይዋ ለሦስት ወራት አልከፍል ብሎ ወደ እኔ መጣች። ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ወንድሜ፣ ኪራይ ቢቋረጥ ይከፍላል ተብዬ እኮ ነው የገባሁት» አለችኝ። ጣቷን ያሳረፈችበት መስመር እውነትም ስለ ኪራይ ገቢ ይናገር ነበር። ከሱ በታች ያለው አንቀጽ ግን ሽፋኑ የሚሠራው ውሉ የሚያውቀው አደጋ፣ ለምሳሌ እሳት ወይም በድንገት የፈነዳ ቧንቧ፣ ቤቱን መኖሪያ እንዳይሆን ሲያደርገው ብቻ መሆኑን ያስቀምጣል። ተከራይ አልከፍልም ቢል፣ ውሉን አፍርሶ ቢሄድ ወይም ተከራይ ቢጠፋ ቤቱ አልተጎዳም፤ ካሳም የለም። ከኪራይ አለመክፈል የሚጠብቅ ሽፋን በገበያ ላይ አለ፤ ግን ለብቻው የሚገዛ ሌላ ነገር ነው።

አደጋው የተሸፈነ ቢሆንም እንኳ የሚከፈለው መጠን ብዙዎችን ያስደነግጣል። ምክንያቱ የስሌቱ መነሻ ነው። በተለመደው የዲፒ 3 ጽሑፍ የኪራይ ገቢ ጣሪያ ለቤቱ አካል ከተገባው መድን 20 በመቶ ነው። ለብቻው ለቆመ ቤት ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ 400,000 ዶላር ቢገመት 80,000 ዶላር ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ባለቤት ግን መድን የሚገባው ከግድግዳው ወዲህ ላለው ክፍል፣ ማለትም ለወለሉ፣ ለካቢኔቱና ለመሳሰለው ብቻ ስለሆነ የቤቱ አካል መድን ትንሽ ነው። የትንሽ ነገር 20 በመቶ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። በኤችኦ 6 ደግሞ ጣሪያው በተለምዶ የሚሰላው ከዕቃዎች መድን 50 በመቶ ነው። አፓርታማውን ባዶውን የሚያከራይ ሰው የዕቃ መድኑን ወደ 10,000 ዶላር ዝቅ ሲያደርግ የኪራይ ሽፋኑንም ወደ 5,000 እንዳወረደው አያስተውልም።

በቁጥር እንየው። አፓርታማው በወር 2,200 ዶላር ይከራያል። ከዚህ ውስጥ 150 ዶላሩ ባለቤቱ ለተከራዩ የሚከፍለው መብራትና ኢንተርኔት ነው። የቤቱ አካል መድን 40,000 ዶላር ነው። አንድ ቀን ማታ ተከራዩ ዘይት ምድጃ ላይ ጥዶ ስልክ ሊያነሳ ይወጣል። እሳቱ ካቢኔቱን ይበላል፤ ጢሱ ሁሉም ክፍል ይገባል፤ ቤቱ ለአምስት ወራት ይዘጋል።

ባለቤቱ የጠበቀው 2,200 በአምስት ተባዝቶ 11,000 ዶላር ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ቤቱ በመዘጋቱ የቀሩትን ወጪዎች፣ መብራቱንና ኢንተርኔቱን፣ ይቀንሳል። የባንክ ብድሩና የማኅበሩ ወርሃዊ መዋጮ ስለማይቋረጡ አይቀነሱም። ስለዚህ ወርሃዊው ካሳ 2,050 ይሆናል። ቀጥሎ ገምጋሚው ጥገናው በተገቢ ፍጥነት ቢሠራ በአራት ወር ያልቅ እንደነበር ይጽፋል፤ አምስተኛው ወር ያለፈው ባለቤቱ የኩሽና ድንጋይ ሲያማርጥ ነው። ውሉ የሚከፍለው ለጥገና የሚያስፈልገውን አጭሩን ጊዜ ብቻ ነው። አራት ወር በ2,050 ሲባዛ 8,200 ይመጣል። በመጨረሻም የ40,000 ዶላር 20 በመቶ 8,000 ስለሆነ እዚያ ላይ ይቆማል። ከ11,000 ዶላር 3,000 ከኪስ ወጣ ማለት ነው። ጥገናው በሕንፃው ቧንቧ ወይም በፈቃድ ምክንያት አሥር ወር ቢፈጅም የኩባንያው ክፍያ ከ8,000 አያልፍም።

መፍትሔው ውሉ ከመታደሱ በፊት ጣሪያውን በዶላር ማስጻፍ ነው። ቢያንስ የአንድ ዓመት ኪራይ፣ በዚህ ምሳሌ ወደ 26,000 ዶላር፣ እንዲሆን ይጠይቁ። አንዳንድ ኩባንያዎች በመቶኛ ፋንታ «እስከ 12 ወር የደረሰው እውነተኛ ኪሳራ» ብለው ይጽፋሉ፤ ካገኙት ይህን ይምረጡ። አደጋ ከደረሰ ደግሞ የተጠገነበትን እያንዳንዱን ቀን ይመዝግቡ፦ ባለሙያው የመጣበት፣ ፈቃድ የተጠየቀበት፣ ካቢኔት የታዘዘበትና የደረሰበት። መዘግየቱ የእርስዎ አለመሆኑን የሚያሳየው ይህ ነው። የኪራይ ውሉና የባንክ ገቢ ማስረጃም አብረው ይቀመጡ፤ በእጅ ጥሬ ገንዘብ የተቀበሉትን ኪራይ ለማስረዳት ይቸገራሉ።

ተከራይ ያበላሸውን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ተከራይ ለቆ ቤቱ ሲከፈት የሚታየው ጉዳት በአንድ ስም ይጠራል፤ «አበላሽቶት ሄደ» ይባላል። ኢንሹራንስ ግን እያንዳንዱን በተለያየ ዓይን ያያል። የደበዘዘ ቀለምና ያለቀ ምንጣፍ የአገልግሎት ውጤት ስለሆነ ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ከማስያዣውም መቁረጥ አይቻልም። በድንገት የደረሰ ነገር፣ እንደዚያ ዘይት እሳት ያለው፣ ተከራዩ ቸልተኛ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል። ሆን ተብሎ የተሰበረ በርና መስታወት ግን እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ የተከራይን ጥፋት ዝቅ ባለ ጣሪያ ይገድባል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ያወጣዋል። ተከራይ ነቅሎ የወሰደው ማይክሮዌቭ እንደ ስርቆት ስለሚታይ ብዙ ውሎች አያካትቱትም። ውሻ የቧጨረው ወለልም በብዙዎቹ ውጪ ነው። ከመፈረምዎ በፊት «ተከራይ ሆን ብሎ ቢሰብር እስከ ስንት ትከፍላላችሁ?» ብለው ይጠይቁና መልሱ የት ገጽ ላይ እንዳለ ያስመልክቱ።

ሌላው የሚረሳው ተቀናሹ ለእያንዳንዱ አጋጣሚ ለብቻው መሠራቱ ነው። አንድ ባለቤት ሳሎን ውስጥ የከሰል ምድጃ የተቀመጠበትን ቦታ አሳይቶኛል። እንጨቱ ላይ ጠቁሮ የቀረ የጀበና መቀመጫ የሚያህል ክብ ነበር፤ ከሱ አጠገብ ሁለተኛ፣ ፈዘዝ ያለ። ሳንቃውን መቀየር 600 ዶላር፣ የመኝታ ቤቱ በር 350፣ የመታጠቢያው መስታወት 200 ተገመተ። ድምሩ 1,150 ስለሆነና ተቀናሹ 1,000 ስለነበር 150 ዶላር እንደሚያገኝ አስቦ ነበር። ሦስቱ በተለያየ ጊዜ የደረሱ ስለሆኑ ግን እያንዳንዳቸው ከተቀናሹ በታች ናቸው፤ ክፍያም የለም።

የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ቦታው ማስያዣው ነው። እሱም ጠቧል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በሜሪላንድ ከመኖሪያ ቤት ተከራይ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ማስያዣ መቀበል አይቻልም፤ ቀድሞ ሁለት ወር ነበር። ተከራዩ ከለቀቀ በኋላም በ45 ቀናት ውስጥ ቀሪውን ከዝርዝር ወጪ ጋር መመለስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ሲያስረክቡ ተከራዩ ባለበት እያንዳንዱን ክፍል፣ ወለሉንና የካቢኔቱን ውስጥ ጭምር ፎቶ ያንሱ፤ ዝርዝሩን ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከማስያዣው በላይ ለሚሄደው ተከራዩ የራሱን የተከራይ ኢንሹራንስ እንዲገባ በኪራይ ውሉ ላይ ያስፍሩ። በዚያ ውል ውስጥ ለሌላ ሰው ንብረት ጉዳት የሚከፍል ክፍል ስላለ እሳት ሲነሳ የእርስዎ ኩባንያ ብቻውን አይቀርም። ኩባንያው ውሉ ሲቋረጥ እንዲያሳውቅዎ ስምዎ እንዲመዘገብም ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ተከራዩ በሁለተኛው ወር መክፈል ቢያቆም አያውቁም።

ባዶ ቤት ላይ ሰዓት እንደሚቆጠር መርሳት

በተለመዱት ውሎች ቤቱ ከ60 ተከታታይ ቀናት በላይ ባዶ ከቆየ በኋላ የሚደርስ ሆን ተብሎ የተደረገ ማውደም አይከፈልም። በአንዱና በሌላው ተከራይ መካከል ቀለም እየቀቡ፣ ወደ አገር ቤት ደርሰው እየመጡ ስልሳ ቀን ሳይታወቅ ያልፋል። አፓርታማው ከወር በላይ ባዶ እንደሚቆይ ሲያውቁ ለኩባንያው ይደውሉ፤ ለባዶ ጊዜ የሚሆን አባሪ ካለ ይጠይቁ፤ የመጨረሻው ተከራይ ቁልፍ ያስረከበበትን ቀንም በጽሑፍ ይያዙ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።