ዘይት፣ እስክሪብቶ ወይም ሻይ የነካው ነጠላ ላይ የማይደረጉ ነገሮች

ዘይት ላይ ውሃ ማፍሰስ

የበዓል ወጥ ነጠላ ላይ ጠብ ሲል ብዙዎቻችን ልብሱን ይዘን ወደ ቧንቧ እንሮጣለን። ዘይቱ ሊመጠጥ የሚችለው ግን ጨርቁ ደረቅ እያለ ነው። ከረጠበ በኋላ ዱቄት ቢነሰነስበት ውሃውን እንጂ ዘይቱን አይመጥም፤ ሳሙናውም ይቀጥናል።

መጀመሪያ ወጡን በማንኪያ ጠርዝ ያንሱ። ከዚያ የስንዴ ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር ነስንሰው ሃያ ደቂቃ ያህል ይተዉትና ያራግፉ። አሁንም ሳያረጥቡት ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አፍስሰው በጣት ቀስ እያሉ ያሹት፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይለቅለቅ። ጥለት የሌለው ነጭ ጥጥ ከሆነ ሞቅ ያለ ውሃ ይሻላል።

ዘይቱ ወጥቶ ብርቱካናማ ጥላ ከቀረ የበርበሬው ቀለም ነው። ይህን ደጋግሞ መፈተግ ጨርቁን ያሳሳል እንጂ ብዙም አይጠቅም። ታጥቦ እንደረጠበ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ የበርበሬ ቀለም ብርሃን አይችልም። ጥለቱም በፀሐይ ሊደበዝዝ ስለሚችል እሱን አጥፈው ከስር ይደብቁት።

ሳያረጋግጡ መተኮስ

እርጥብ ጨርቅ የዘይት እድፍ ይደብቃል። ሲደርቅ ጠቆር ያለ ክብ ከታየ ዘይት ቀርቷል ማለት ነውና የሳሙናውን ሥራ ይድገሙ። ካውያ ካረፈበት ሙቀቱ ዘይቱን ክሩ ላይ ያጋግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ማስለቀቅ በጣም ይከብዳል።

የእስክሪብቶ ቀለምን ማሸት

የተለመደው እስክሪብቶ ቀለም ቅባትነት ስላለው በውሃ አይሟሟም፤ ሲታሽ ይሰፋል። ከስሩ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ያድርጉ፣ ጥጥ በ70 በመቶ አልኮል ነክረው ከዳር ወደ መሐል ጫን ጫን ያድርጉበት። ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ስለሚወርድ በየጊዜው ንጹሕ ቦታ ይቀይሩለት። ታችኛው ጨርቅ ቀለም መያዝ ሲያቆም ልብሱን ይጠቡ። ጥለት አጠገብ ከሆነ አልኮሉን በማይታይ ጫፍ ላይ አስቀድመው ይሞክሩ።

ሻይን በደረቅ ሳሙና መፈተግ

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ይመስለኛል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን በደረቅ ሳሙና ሲታሽ ይበልጥ ሊይዝ ይችላል። በእድፉ ጀርባ ቀዝቃዛ ውሃ ያውርዱበት፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ አቼቶ በሁለት ማንኪያ ውሃ አቅጥነው እድፉ ላይ ያፍስሱ፤ አሥር ደቂቃ ያቆዩትና ለቅልቀው በዱቄት ሳሙና ይጠቡ። ወተት ያለበት ሻይ ከሆነ ሙቅ ውሃ አያስነኩት፤ የወተቱ ፕሮቲን ይጋገራል።

አቼቶው ላይ በረኪና መጨመር

ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና ለብቻውም ቢሆን ጥለቱን ያነጣዋል። ሙሉ ነጭ ጥጥ ላይ ለቆየ የሻይ እድፍ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበቃል፤ እሱንም የሚያደርጉት አቼቶው በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ ነው።