የታሪክ ፈተና ቃላትን ወደ አማርኛ ስንመልስ፦ ፈተናው ሳይቀል፣ ሳይከብድም

አሜሪካ ከገባ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የአሜሪካ ታሪክ ፈተና ሊፈተን ነው። ታሪኩን አጥንቷል። እንግሊዝኛው ግን ገና አልጠነከረለትም። ጥያቄው ላይ አንድ ቃል ካልገባው፣ የሚያውቀውን መልስ ሳይጽፍ ይወጣል። የእንግሊዝኛ-አማርኛ የቃላት ዝርዝር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዝርዝሩ ግን ገደብ አለው። ለምሳሌ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በሚሰጠው የሪጀንትስ ፈተና ላይ ተማሪው ይዞ መግባት የሚችለው ቃልን በቃል ብቻ የሚተካ ዝርዝር ነው። ፍቺ ወይም ማብራሪያ የተጻፈበት አይፈቀድም። ልክም ነው፤ የታሪክ ቃል ፍቺ ብዙ ጊዜ ራሱ መልሱ ነውና። ችግሩ፣ አማርኛችን ማብራራት ይወዳል። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት አራት ቃል እንደረድራለን፤ ሳናስበው መልሱን አብረን እንሰጣለን።

1. ከቃሉ በፊት ጥያቄውን አንብቡ

«ፕሮሂቢሽን» የሚለውን እንውሰድ። ብዙ ሰው «የአልኮል መጠጥ ክልከላ» ብሎ ይመልሰዋል። ለጋዜጣ ቢሆን ጥሩ ትርጉም ነው። ለፈተና ግን አይሆንም። የእንግሊዝኛው ቃል «መከልከል» ይላል እንጂ ምን እንደተከለከለ አይናገርም። ተማሪው ማወቅ ያለበት እሱን ነው፦ በ18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት ከ1920 ጀምሮ አልኮል መሥራት፣ ማጓጓዝና መሸጥ እንደተከለከለ፣ በ1933 ደግሞ 21ኛው ማሻሻያ ያንን እንደሻረው። ጥያቄው «በዚያ ዘመን ምን ተከለከለ?» የሚል ከሆነ፣ «የአልኮል መጠጥ ክልከላ» ብለን የጻፍንለት ልጅ አንድ ቀን ክፍል ሳይገባም ያገኘዋል። አጠገቡ በእንግሊዝኛ የሚፈተነው ልጅ ግን አጥንቶ መምጣት ነበረበት።

ስለዚህ «ክልከላ» ብቻ ይበቃል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። እንግሊዝኛው ቃሉን በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር፣ አንባቢው ይህ የታወቀ ዘመን ስም ነው ብሎ ወዲያው ይረዳል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ዝም ብለን «ክልከላ» ካልን ልጁ ተራ ቃል ይመስለዋል፤ ፈተናው ከሚገባው በላይ ከበደበት ማለት ነው። ከ1865 እስከ 1877 ያለው ጊዜ «መልሶ ግንባታ» ሲባልም ያው ነው። ምልክት ከሌለው ድልድይና ቤት መሥራት መስሎት ያልፈዋል። እኔ እንዲህ ያሉትን ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባቸዋለሁ፤ «ክልከላ»፣ «መልሶ ግንባታ» እያልኩ። መልስ ሳይሰጥ ስም መሆኑን ብቻ ይናገራል።

2. ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል አንድ አማርኛ ላይ እንዳይወድቅ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው። «ነጻነት» የምንለው ቃል በጣም ሰፊ ነው። አገር ከሌላ አገር ሲላቀቅ ነጻነት እንላለን፤ ባሪያ ከጌታው ሲላቀቅም ነጻነት እንላለን። እንግሊዝኛው ግን የመጀመሪያውን «ኢንዲፔንደንስ»፣ ሁለተኛውን «ኢማንሲፔሽን» ብሎ ይለያቸዋል።

አሁን ሁለት ሰነዶችን አስቡ። አንዱ በ1776 አሜሪካ ከእንግሊዝ መለየቷን ያወጀችበት ነው። ሌላው ፕሬዚዳንት ሊንከን በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ያወጁት ነው። ሳንጠነቀቅ ከተረጎምናቸው ሁለቱም «የነጻነት አዋጅ» ይሆናሉ። አንድ የምርጫ ጥያቄ ላይ «ሀ» እና «ሐ» ሆነው ጎን ለጎን ሲመጡ፣ ልጁ ምን ያድርግ?

የሚቀናው መፍትሔ የሊንከኑን «ባሮችን ነጻ የማውጣት አዋጅ» ማለት ነው። ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛ፣ አዋጁ ስለ ባርነት መሆኑን ይናገራል፤ የእንግሊዝኛው ቃል በቀጥታ አይናገረውም። ሁለተኛ፣ ባሮች ሁሉ በዚያን ቀን ነጻ የወጡ ያስመስላል። አዋጁ የሚመለከተው አምፀው የተገነጠሉትን አካባቢዎች ብቻ ነበር። በመላ አገሪቱ ባርነት የተከለከለው በ1865 በ13ኛው ማሻሻያ ነው። መምህራን ደግሞ አጥብቀው የሚጠይቁት ይህንኑ ልዩነት ነው።

እኔ የምመርጠው ቃል «አርነት» ነው። «የአርነት አዋጅ» ለሊንከኑ፣ «የነጻነት መግለጫ» ለ1776ቱ። «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» የሚለውን የሰማ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ከእስር ወይም ከጌታ እጅ መውጣትን ያሳያል፤ «ባርነት» የሚለውን ግን ጮክ ብሎ አይናገርም። ከበድ ያለ፣ የመጽሐፍ ቃል ነው። የእንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው፤ ልጆች ሜዳ ላይ የሚጠሩት ቃል አይደለም።

ዝርዝሩ ሲያልቅ የአማርኛውን ዓምድ ብቻ በፊደል ተራ ደርድሩት። ሁለት ጊዜ የመጣ ቃል ካለ ያኔ ይታያል።

3. አገር ቤት ሌላ ትርጉም የያዘ ቃል

«ናሽናሊዝም» «ብሔርተኝነት» ተብሎ ይመለሳል። ትክክል ነው። ነገር ግን ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ «ብሔር» ሲባል የሚያስበው በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ብሔር ብሔረሰቦችን ነው። ጥያቄው ጣሊያን በ1861፣ ጀርመን በ1871 እንዴት አንድ አገር እንደሆኑ ከሆነ፣ ቃሉ ወደ መለያየት ሊመራው ይችላል። እዚህ ቦታ «ብሔርተኝነት / ናሽናሊዝም» ብሎ ሁለቱን ማስቀመጥ ይሻላል። ክፍል ውስጥ የሰማው ሁለተኛውን ስለሆነ ይገናኝለታል።

4. የትእዛዝ ቃላት

ይሄ ይረሳል። በአማርኛ «ግለጽ» ለሁለት ነገር ይውላል፦ አንድ ነገር ምን እንደሚመስል ለመናገር፣ ለምን እንደሆነ ለማስረዳትም። ፈተናው ግን ይለያቸዋል። «ኤክስፕሌይን» ሲል ምክንያት ይፈልጋል። ልጁ ምን እንደተፈጠረ አሳምሮ ጽፎ፣ ለምን እንደተፈጠረ ሳይነካ ነጥብ ይቀነስበታል። «ዲስክራይብ» ለሚለው «ግለጽ»ን፣ «ኤክስፕሌይን» ለሚለው «አስረዳ»ን ያዙ፤ አንዱን በሌላው ቦታ በፍጹም አትጻፉ።

ዓመተ ምሕረትንም አትቀይሩ። 1896 ካለ «እ.ኤ.አ. 1896» ብላችሁ ተዉት። 1888 ብላችሁ ከጻፋችሁ ከካርታውና ከሰነዱ ጋር አይገጥምለትም።

5. በሰው ሞክሩት

ሁለት ሰው ፈልጉ። የመጀመሪያው አማርኛው ጥሩ የሆነ፣ የአሜሪካን ታሪክ ግን ያልተማረ ጎልማሳ ይሁን። እንግሊዝኛውን ሳታሳዩ የአማርኛውን ቃል ብቻ ስጡትና «ይሄ ምን ይመስልሃል?» በሉት። «የአልኮል መጠጥ ክልከላ» ብትሉት ወዲያው ይነግራችኋል፤ ቃሉ መልስ እያወጣ ነው። «ክልከላ» ብትሉት «የምን ክልከላ?» ይላችኋል። የምትፈልጉት እሱን ነው።

ሁለተኛው ታሪኩን በእንግሊዝኛ ተምሮ የጨረሰ፣ አማርኛ የሚያነብ ተማሪ ይሁን። እሱ ደግሞ የአማርኛውን አይቶ እንግሊዝኛውን ይጻፍላችሁ። ሌላ ቃል ከጻፈ፣ ወይም ከሁለት የትኛው እንደሆነ ከተጠራጠረ፣ ቃሉ ይቀየር። እኔ «አርነት»ን ሳስሞክር አንድ ልጅ ጨርሶ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ቃሉን አልቀየርኩትም፤ ዝርዝሩን የምሰጥበትን ጊዜ ነው የቀየርኩት። አሁን ተማሪዎቹ ዝርዝሩን የሚያገኙት መስከረም ላይ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ጋ ስንደርስ «አርነት» ምን እንደሆነ በክፍል እናወራበታለን። በፈተናው ቀን ቃሉን ሲያዩት አዲስ አይሆንባቸውም።